ጣቴ አንገቴ ላይ የከረመበት ዓመት

ለቅሶ ቤት ነው የጀመረው። የሥራ ባልደረባችን በ38 ዓመቷ አርፋ ድንኳን ተቀምጠናል። ከኋላዬ ያሉ አንዲት እናት አጠገባቸው ላለችው ሴት፣ "መጀመሪያ አንገቷ ላይ ትንሽ እብጠት ነበረች። ናቀቻት" ሲሉ ሰማሁ። ቀጥለው ምን እንዳሉ አላውቅም። እጄ ነጠላዬ ውስጥ ገብቶ አንገቴን መዳሰስ ጀምሮ ነበር። በግራ በኩል ከመንጋጋዬ ሥር ሽምብራ የምታህል ነገር አገኘሁ። ስነካት ሸርተት ትላለች።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ በኋላ ለአሥር ወር ያህል በቅጡ የተኛሁባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። ይህን የምጽፈው ዛሬ ሌሊት ስልኩን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ አንድ ምልክት ለአርባኛ ጊዜ እየፈለገ ላለ ሰው ነው። እኔ እዚያ ነበርኩ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ትክክል ነበር። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን አልተጣደፈም። አንገቴን በሁለቱም በኩል፣ ከአንገት አጥንት በላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታና ብብቴን ዳሰሰ። ከስቼ፣ አተኩሶኝ፣ ሌሊት ልብስ የሚያስቀይር ላብ አልቦኝ፣ ወይም ሳል ቆይቶብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አንዱም የለም። ከዚያ አፌን ከፍቶ አየና በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ መበላሸቱን አሳየኝ። አልትራሳውንድም ታዘዘልኝ። ውጤቱ 8 ሚሊ ሜትር አለ።

"ይሄ በሁላችንም አንገት ውስጥ ያለ ዕጢ ነው፤ ማበጥ ሥራው ነው" አለኝ። "ጥርስና ጉሮሮ ላይ ችግር ሲኖር ያብጣል። ጥርስሽን ታከሚና በአራት ሳምንት ተመለሺ።" ጥርሴን ታከምኩ። ስመለስ ዕጢው አላደገም፤ ግን አልጠፋምም። እሱም ነገረኝ፤ አንዳንድ ዕጢ አንዴ ካበጠ በኋላ ወደ ድሮው መጠን ሳይመለስ ዕድሜ ልክ እንዲሁ ይኖራል። ጉዳት የለውም።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ለልጄ ኬክ ገዛሁ። ደስታው የቆየው ሁለት ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አንድ ሐሳብ መጣ። "ሲዳስሰኝ ጋደም ብዬ አልነበረም እንዴ? ቁጭ ስል ሊለይ አይችልም?" ጣቴ ወደ አንገቴ ሄደ። ትናንት ከነበረው የጠነከረ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ከባዱ ስህተቴ የተጀመረው እዚያች መታጠቢያ ፊት ነው። ሐኪሙ የመለሰልኝን ጥያቄ ራሴ እንደገና ከፈትኩት። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ማንም ሊዘጋው አልቻለም።

በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ መፈለግ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሌሊት "ሕመም የሌለው የአንገት እብጠት" ብዬ ጻፍኩ። ሕመም የሌለው የበለጠ ያሳስባል የሚል አነበብኩ። የእኔ አያምም፤ ስለዚህ ፈራሁ። ከዚያ ደጋግሜ ስጫነው ማመም ጀመረ። "የሚያም የአንገት እብጠት" ብዬ ፈለግሁ፤ እዚያም የሚያስፈራ አላጣሁም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የማላውቃቸውን ሰዎች የሕመም ታሪክ አነባለሁ። ደህና የሆነ ሰው ታሪኩን ብዙ ጊዜ አይጽፍም። እንደ እኔ ዕጢዋን ታይታ፣ ምንም የለም ተብላ ወደ ቤቷ ሄዳ ሽሮ የሠራች ሴት የትም አላገኘኋትም። የማገኘው ክፉ የደረሰባቸውን ብቻ ነው። ይህን ያኔ አላስተዋልኩም።

ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ የመጀመሪያውን ውጤት ግን ደበቅሁ። "ሳያውቅ ይየኝ፤ እውነቱን ይነግረኛል" ብዬ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሌላ ቦታ የተነሳሁት አልትራሳውንድ 11 ሚሊ ሜትር አለ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥር ሳይ ማስላት ልማዴ ነው። በሰባት ሳምንት 3 ሚሊ ሜትር! በዚህ አያያዝ በዓመት ስንት እንደሚሆን ታክሲ ውስጥ አሰላሁ። እያለቀስኩ ነው ከታክሲ የወረድኩት።

ሦስተኛው 9 አለ። ከብዙ ወራት በኋላ አንድ የራዲዮሎጂ ሐኪም ሦስቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው አስረዱኝ። ዕጢ ኳስ አይደለም፤ የባቄላ ቅርጽ አለው። አንዱ ባለሙያ አጭሩን ጎን ጽፏል፤ ሌላው ረጅሙን። በዚያ ላይ መሣሪያው ትንሽ ዘንበል ሲል መጠኑ በአንድና በሁለት ሚሊ ሜትር ይለያያል። የአንገት ዕጢ አጭሩ ጎኑ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነና ቅርጹ ሞላላ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አያሳስብም። የእኔ በሦስቱም ምርመራ ያው ነበር። ያደገው የምርመራዬ ብዛት ነው።

በአምስት ወር ውስጥ አምስት ሐኪሞች አዩኝ። ከአምስቱ አንዱ በጭንቀቴ ብዛት ይመስለኛል አንቲባዮቲክ ሰጠኝ፤ ጨጓራዬን ረበሸኝና ሌላ የሚፈለግ ምልክት ሆነልኝ። ጠበል ሄድኩ። ስለ ጠበሉ ክፉ አልናገርም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ተጠምቄ ልብሴን ሳልለብስ ጣቴ አንገቴ ላይ ነበር፤ ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት። ጸሎቴ እንኳ ምርመራ ሆኖ ነበር።

ባለቤቴ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ "እስኪ ንካው" እንደተባለ እሱ ይወቀው። "ያው ነው" ሲለኝ፣ "በደንብ አልነካኸውም" እላለሁ። ቶሎ ሲመልስ "ሳታስብ ነው የመለስከው" እላለሁ። ቆይቶ ሲመልስ "ምን አየህ?" እላለሁ። አፉን ትቼ ፊቱን ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቀን ማታ ደክሞት "ምንም የለብሽም አልኩሽ እኮ!" ብሎ ጮኸ። ልጃችን ደንግጣ ክፍሏ ገባች።

የነቃሁት ግን በሌላ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። በየቀኑ እደውልላታለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ስልኩን አነሳችና ሰላም ሳትለኝ፣ ምንም ሳልናገር፣ "ካንሰር አይደለም" አለች። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። የደወልኩት እናቷ ታመው ስለነበር ልጠይቃት ነው። ቢያንስ በከፊል። እሷ ግን ድምፄን የምታውቀው በአንድ ጥያቄ ብቻ ሆኗል።

"እኅቴ፣ ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "መልሱ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ አንዴ ይበቃሽ ነበር። እኔ መልስ እየሰጠሁሽ ሳይሆን እያባባስኩብሽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልመልስልሽም። የሚያክምሽ ሰው ግን አብረን እንፈልግ።"

ተናደድኩ። ሁለት ሳምንት አልደወልኩላትም። "አበደች ልትለኝ ነው፣ አማኑኤል ልትወስደኝ ነው" ብዬ ለባለቤቴ አወራሁ። በመጨረሻ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ይዛኝ ሄደች። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ውጤቶቼን በፌስታል ይዤ ሄጄ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኳቸው። አላነበቧቸውም። "እነዚህን ሐኪሞች አይተዋቸዋል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው" አሉኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ "በቀን ስንት ጊዜ ትነኪዋለሽ?"

"አሥር ጊዜ ይሆናል" አልኩ።

"ቁጠሪው" አሉኝ። ለአንድ ሳምንት ምንም ሳልቀንስ መቁጠር ብቻ። በነካሁ ቁጥር በትንሽ ወረቀት ላይ ሰረዝ ማድረግ። ፍለጋውንና ሰው መጠየቁን ደግሞ ለየብቻ።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ሰረዞቹን ቆጠርኩ። ንክኪው 47፣ ፍለጋው 9፣ ሰው የጠየቅሁት 6 ነበር። አሥር ብዬ የነበረው መዋሸቴ አልነበረም። ጣቴ ሳላውቀው ነበር የሚሄደው፤ ኮምፒውተር እስኪከፍት ስጠብቅ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ ልጄን ሳስጠና። እናንተም ከአንድ ነገር መጀመር ካለባችሁ ከዚህ ጀምሩ። ለመቀነስ አትሞክሩ፤ ቁጠሩ። እኔ ጋ ቁጥሩ ራሱ በሳምንቱ መጨረሻ ሳልሞክር ወደ ሠላሳዎቹ ወርዶ ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ አንድ ሙከራ ሰጡኝ። በቀኝ በኩል፣ ምንም በሌለበት የአንገቴ ቦታ ላይ፣ ግራውን እንደምነካው አድርጌ ለአንድ ቀን እንድነካ። በየሰዓቱ፣ ለአንድ አንድ ደቂቃ፣ በዚያው ጉልበት። ማታ ላይ ቀኙ ይጠዘጥዘኝ ነበር። ቀላ ብሏል። ስውጥ ጠንከር ያለ ነገር ይሰማኛል። በማግስቱ ስዳስሰው ቀኝም አንድ ፍሬ "አገኘሁ"። ለካ እዚያም ዕጢ አለ፤ አንገት ውስጥ ብዙ አሉ፣ የሁላችንም። አምስት ወር ሙሉ "እየጠነከረ ነው፣ እያመመኝ ነው፣ ስውጥ ይይዘኛል" ስል የነበረው የጣቴን ሥራ ነው። ይህን ስንት ሐኪም ነግሮኝ ነበር! ነገር ግን በገዛ ቀኝ አንገቴ ላይ እስካየው ድረስ አላመንኩም።

ከዚያ ወረቀት ላይ ክብ ሣሉልኝ። ስጋት ይመጣል። እነካለሁ፣ ወይም እፈልጋለሁ፣ ወይም እጠይቃለሁ። ለጥቂት ጊዜ ቀለል ይለኛል። ያ ቅለት ግን አእምሮዬን የሚያስተምረው ነገር አለ፤ "የዳንሽው ስለነካሽ ነው፤ በሚቀጥለውም ንኪ።" ስለዚህ ስጋቱ ቶሎ ይመለሳል፤ ሲመለስም የበለጠ መልስ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሐኪም መልስ ለሁለት ቀን ይበቃኝ ነበር። በኋላ የባለቤቴ መልስ ለአሥር ደቂቃም አልበቃኝ አለ። ክቡ የሚቆረጠው ስጋቱ ጋ አይደለም፤ ስጋት በትእዛዝ አይቆምም። የሚቆረጠው እጄ ጋ ነው።

አቆራረጡ እንዲህ ነበር። በአንዴ ተዪ አላሉኝም። አቆዪው ነው ያሉኝ። ልነካ ስል ሰዓት አይቼ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። ስጋቴ ከአሥር ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ፤ በየአሥር ደቂቃው እንደገና እጽፋለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላም መንካት ካሰኘኝ መንካት እችላለሁ። በቀጣዩ ሳምንት ሃያ ደቂቃ። ከዚያ አንድ ሰዓት። ከዚያ በቀን አንዴ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻ።

አንዱን ገጽ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ማክሰኞ ነው፣ ቢሮ ውስጥ። 4:10 ላይ ስጋት 8። 4:20 ላይ 9። 4:30 ላይ 8። እዚህ ጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጣቶቼን በቡና ስኒ ላይ አጣብቄ ያዝኩ። 4:40 ላይ 7። 4:50 ላይ 5። 5:10 ላይ 3። አልነካሁም። ማንም ምንም አልነገረኝም። ዝም ብሎ ወረደ። ከዚያ በፊት ስጋቱ እስክነካ ድረስ እየጨመረ፣ እየጨመረ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ። እስከ ጫፉ ቆይቼ ስለማላውቅ ጫፍ እንዳለው አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳሉ። እኔ በአራተኛው ቀን "ይሄ ሕክምና እየገደለኝ ነው" ብዬ ልተወው ነበር። ሐሳቡ ይጮኻል፤ "አሁን ባትነኪውና አድጎ ቢገኝ ጥፋቱ የአንቺ ነው" ይላል። ለዚህ የተሰጠኝ መልስ ክርክር አልነበረም። "ሊሆን ይችላል፤ አሁን ግን አልመረምርም" ማለት ብቻ። መጀመሪያ ስሰማው ሟርት መስሎኝ ነበር። እኛ ጋ ክፉን በአፍ መጥራት አይወደድም፤ እናቴ ብትሰማ "አፍሽን ቁረጪ!" ትለኝ ነበር። ግን መቶ በመቶ እርግጠኛ ለመሆን መሞከሬ ነበር ያሳበደኝ። እርግጠኝነቱን ለማንም ሐኪም የሚሰጥ መሣሪያ የለም።

ስልኩ ከጣቴ ይልቅ አስቸገረኝ። መጀመሪያ መፈለጊያውን ከስልኬ አጠፋሁ። በባለቤቴ ስልክ ፈለግሁ። እሱ ሲቆልፍብኝ በቢሮ ኮምፒውተር። ከጤና የቴሌግራም ቻናሎች ወጣሁ፤ አጫጭር ቪዲዮዎቹ ግን ሳልፈልግም እየተከታተሉኝ ይመጡ ነበር፤ ደጋግሜ ስላየኋቸው ነው። መከልከል አልሠራልኝም። የሠራው ማስተላለፍ ነው። አንድ ደብተር ገዛሁ። መፈለግ ያሰኘኝን ጥያቄ እንዳለ እጽፍና ቀንና ሰዓቱን አስቀምጣለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ጥያቄው አሁንም አስፈላጊ ከመሰለኝ ለሐኪሜ እጠይቃለሁ፤ ስልኬን ግን አልጠይቅም። በመጀመሪያው ወር 31 ጥያቄ ጻፍኩ። ለሐኪሙ የደረሰው አንድ ነው። ሌሎቹን በሁለተኛው ቀን ሳነባቸው "ይሄን ማን ጻፈው?" የሚያሰኙ ነበሩ። ቪዲዮዎቹ ሲመጡ ደግሞ ሳላይ እዘልላቸዋለሁ። በሦስት ሳምንት ገደማ የምግብ አሠራር ይመጣልኝ ጀመር።

ለቤተሰብ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ባለቤቴ በጣም ተጎድቷል። እሱም አንድ ቀጠሮ አብሮኝ ገባ። "አልመልስም" ብሎ መዝጋት እንዳይሆን ተነገረን። እንዲያ ቢሆን ኖሮ የተተውኩ ይመስለኝ ነበር። ተስማምተን አንድ ንግግር መረጥን፤ እኔ በደህናዬ ቀን፣ ተረጋግቼ ሳለሁ የመረጥኩት። "እስኪ ንካው" ስለው፣ "መፍራትሽ ይገባኛል። የተስማማነውን አስታውሺ፤ አልመልስም፤ ግን አጠገብሽ ነኝ" ይላል። ከዚያ ቡና ያፈላል። እውነቴን ነው፣ ቡና የማፍላት ልምድ ያልነበረው ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት "ጨካኝ" ብዬዋለሁ። አልተናደደም፤ አልተለማመጠም። ስኒ ያጥባል።

ብልጥ ሆኜ ሌላ መንገድ ስፈልግም ነበር፤ ይህን ልብ በሉት። በቀጥታ አልጠይቅም፤ "ዛሬ ፊቴ እንዴት ነው?" እላለሁ። "ያቺ የሥራ ባልደረባዬ መጀመሪያ ትከሳ ነበር አይደል?" እላለሁ። ልብሴ ሰፍቶኝ እንደሆነ በየቀኑ መቀነቴን እሞክራለሁ። ለሰላምታ ስተቃቀፍ የሰው አንገት በዓይኔ እለካለሁ። እነዚህ ሁሉ ያው ጥያቄ ናቸው፤ ሌላ ቀሚስ ለብሰው ነው የመጡት። ባገኘኋቸው ቁጥር እነሱንም ወረቀቱ ላይ ሰረዝ አደረግሁባቸው።

"እሺ፣ በእውነት ብታመምስ?" ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ሳልጠይቅ አላለፍኩም። የመጀመሪያው ሐኪሜ ጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ ስለ ሌሎቹ አራት ሐኪሞችም ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። አብረን ደንብ አወጣን፤ ወረቀቱ ቁም ሣጥኔ በር ውስጥ ተለጥፏል። አዲስ እብጠት ከመጣ ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላም ካለ ወይም እያደገ ከሆነ እሄዳለሁ። ሳልጠብቅ የምሄደው ደግሞ እብጠቱ ድንጋይ ሆኖ ከቦታው የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ከአንገት አጥንት በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ከወጣ፣ ወይም የሚቆይ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈውም እሄዳለሁ፤ እኛ አገር የሳንባ ብቻ ሳይሆን የዕጢ ቲቢም አለና መታየት አለበት። ከዚህ ውጭ በየስድስት ወሩ አንዴ ብቻ ያየኛል። አንድ ሐኪም፣ አንድ ካርድ።

ደንቡ የጠቀመኝ ውሳኔውን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ከማደርገው ክርክር ስላወጣው ነው። እናንተም እብጠት፣ ልብ ምት ወይም ራስ ምታት ይሁን የሚያስጨንቃችሁ፣ ደንባችሁን ከሐኪም ጋር በደህና ቀን ጻፉ። ከእኔ ወረቀት አትቅዱ፤ ለልብ ምት የሚጻፈው ሌላ ነው። ገና ያልታየ ምልክት ካላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ መጀመሪያ ታዩ። እኔ የማወራው ከታየ በኋላ ስላለው አርባኛ ጊዜ ነው።

መድኃኒት አልወሰድኩም፤ ባለሙያዋ ግን እንደ ሁኔታው መድኃኒት የሚረዳቸው ሰዎች እንዳሉ ነግረውኛል። ሥራ መሥራት፣ መብላት፣ መተኛት አቅቷችሁ ከሆነ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱና ጠይቁ። በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። አበደች እባላለሁ ብዬ ፈርቼ ያባከንኳቸው እነዚያ ሁለት ሳምንታት ይቆጩኛል።

ከሦስት ወር ሕክምና በኋላ ንክኪው በሳምንት አንዴ ሆነ፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ በጣቶቼ ለስላሳ ጎን፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ቅዳሜውም ቀረ። በክረምቱ ጉንፋን ይዞኝ በቀኝ በኩል እብጠት ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰረዞቹ ወደ ሃያ ተመለሱ። ሁሉ ነገር የፈረሰ መሰለኝ። ለባለሙያዋ ደወልኩ። "ወረቀትሽ ምን ይላል?" አሉኝ። ሁለት ሳምንት ይላል። ካላንደር ላይ ቀኑን ከበብኩና አሥር ደቂቃውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የተከበበው ቀን ደርሶ ያለፈው ሳላስተውለው ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ልጄ "ይሄ ክብ የማን ልደት ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ ትዝ አለኝ።

የግራዋ ሽምብራ ግን አሁንም አለች። ሐኪሙ እንዳለው አልጠፋችም።

ባለፈው ወር የእድራችን አባል አርፈው ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ሰዎች ስለ በሽታቸው ማውራት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ምን እንዳመማቸው፣ ማን እንዳያቸው፣ ስንት ወር እንደቆዩ። ጣቴ ወደ ላይ ሲነሳ አየሁት። የነጠላዬን ጫፍ ጠቀለልኩበትና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ልቤ ትመታ ነበር፤ ስምንት ይሆናል። ከዚያ ንፍሮ መጣ። እጄን መፍታት ነበረብኝ፤ ዘግኜ በላሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝ፤ የተዘጋጀውን ንግግር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ምንም አልጠየቅሁትም። ልጃችንን ከአክስቷ ቤት ለመውሰድ በየት በኩል ብንሄድ መንገዱ እንደማይዘጋ መነጋገር ጀመርን።